ከከባድ ፕሮጀክት በኋላ ቲሙን በአጭር ንግግር ማመስገን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአንድ ትምህርት ቤት ማስፋፊያ ሲሰራ ሳይት ኢንጂነር ነበርኩ። ጂ ፕላስ ቱ ነው፣ ትልቅ የሚባል ህንጻ አይደለም፣ ግን መስከረም ላይ ተማሪ ይገባበታል ተብሎ ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ስንሯሯጥ ከርመን ጳጉሜ 4 አስረከብን። የዛኑ ቀን ከሰአት በግ ታርዶ ሁሉም ከተሰበሰበ በኋላ "እስቲ ኢንጂነር አንድ ነገር በል" ተባልኩ። ደግነቱ ማታውን ትንሽ ጽፌ ነበር። ከዛ ወዲህ ሌላ ሳይት ላይ ያሉ ልጆች ርክክብ ሲደርስባቸው "ያን ቀን ምን ነበር ያልከው?" እያሉ ይደውሉልኛል፣ ጥያቄያቸው ደሞ ሁሌ ያው ነው፣ ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

ስንት ደቂቃ ላውራ?

ሶስት ደቂቃ። ሰው ቆሞ ነው የሚሰማህ፣ ምግቡ ይሸታል፣ ግማሹ ሰው ሌሊቱን አልተኛም። እኔ ጽፌ ጮክ ብዬ ሳነበው ሁለት ገጽ የነበረው ስድስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ግማሹን ሰረዝኩት። የሰረዝኩት ምን እንደነበረ ስታይ ደሞ ይገርምሃል፣ "ሌት ተቀን ሳትሉ"፣ "ያለ እናንተ ምንም ነን"፣ "እንደ አንድ ቤተሰብ" የሚሉ ነገሮች ናቸው፣ ስራው መንገድ ቢሆን ወይ የሰርግ ድንኳን ተከላ ቢሆን ያው ቃል ይሰራል። የትም ቦታ ሊባል የሚችል አረፍተ ነገር ካየህ አውጣው፣ ሶስቱ ደቂቃ ራሱ ይበቃሃል።

ከማን ልጀምር? አሰሪውም አማካሪውም ቆመው ነው የሚሰሙኝ

ይሄ የኛ አገር ጣጣ ነው። "ክቡር አቶ እገሌ፣ የተከበሩ፣ የወረዳው፣ የክፍለ ከተማው" ብለህ ስትጨርስ አንድ ደቂቃ ሄደ፣ ቀን ሰራተኛው ደሞ ንግግሩ የሱ እንዳልሆነ ገብቶት ወደ ድስቱ ማየት ጀምሯል። እንግዳ ማክበር ነውር የለውም፣ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ጨርሰው፣ ማዕረግ አትዘርዝር፣ ሁሉንም በአንድ ላይ "እንግዶቻችን" በል። ከዛ ፊትህን ወደ ሰራተኛው አዙር፣ በእውነት አዙር ማለቴ ነው፣ ቆመህ የምታወራበትን አቅጣጫ ቀይር። የሚቀየም ባለስልጣን ይኖራል ብለህ ከፈራህ ቀድመህ ሂድና "ዛሬ ንግግሬ ለልጆቹ ነው" በለው፣ እኔ እንደዛ አድርጌ ማንም አልተቀየመኝም።

ጫናውን ላንሳው ወይስ ደስታውን አበላሻለሁ?

አንሳው። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ሁሉም ያለቀሰበትን ክረምት "ትንሽ ፈታኝ ነበር" ብለህ ካለፍክ ሰው የምትለውን ቀሪ ነገር አያምንም። በሌላ በኩል ጫናውን እንደ ጀብድ ካወራኸው፣ ማለትም "ሶስት ቀን ሳይተኙ የሰሩ ጀግኖች" ካልክ፣ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ሶስት ቀን አለመተኛት መለኪያ አደረግከው ማለት ነው፣ ሰው ደሞ ይሄን ቶሎ ይሰማዋል።

መሃሉ ምንድነው፣ ጫናው ከየት እንደመጣ መናገር ነው። ጫና ዝም ብሎ አይመጣም። የኛ ዝናብ ነው ሲባል ነበር፣ ግን ክረምት እንደሚዘንብ ማን አያውቅም? እውነቱ ሐምሌ ላይ ሲሚንቶ አልቆ ስራ ቆመ፣ ያለቀው ደሞ የግዢ ጥያቄውን እኔ ዘግይቼ ስላስገባሁ ነው። ሌላውም ጥፋት ነበረ፣ ዲዛይን ሁለቴ ተቀይሯል፣ ክፍያ ዘግይቷል፣ ግን ማይክ ይዘህ የሌላውን ጥፋት መዘርዘር ክስ ነው የሚሆነው። የራስህን አንድ ጥፋት ብቻ፣ በቁጥር፣ ካስፈለገ ይቅርታ ጨምረህ ተናገር። ዝርዝር ከሆነ ሰው ያምንሃል፣ "ጉድለቶች ነበሩብኝ ይቅርታ" ካልክ ግን ምንም አላልክም።

ማንን ላመስግን? ሁሉንም ስም መጥራት አልችልም

የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ 34 ሰው ነበርን። 34 ስም ከጠራህ ንግግር አይደለም፣ አቴንዳንስ ነው። ስም የምትጠራቸው አምስት ስድስት ይሁኑ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጋ ደሞ ያን ሰው ብቻ የሚመለከት አንድ ድርጊት ይኑር፣ ቀኑና ሰአቱ ካለ የበለጠ። "ኤሌክትሪሺያናችን በጣም ታታሪ ነው" ከምትል "ጄኔሬተሩ ሌሊት 8 ሰአት ላይ ጠፍቶ በስልክ መብራት ያስነሳው" ብትል ሁሉም ሰው ያቺን ሌሊት ያስታውሳታል፣ እሱ ራሱ ማንም ያየው አልመሰለውም ነበር።

ታዲያ እነዚህን እንዴት ታገኛለህ? ከጭንቅላትህ አታገኛቸውም፣ ጭንቅላትህ የሚያስታውሰው አጠገብህ ያሉትን ነው። እኔ የሳይት ዳያሪውን ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሬ አገላበጥኩ፣ ከዛ ፎርማኑንና የስቶሯን ልጅ "እኔ ያላየሁት ማን ምን ሰራ?" ብዬ ጠየቅኩ። ዘበኛው ሌሊት ዝናብ ሲጀምር ተነስቶ የሲሚንቶውን ሸራ እንደሚያስተካክል ያወቅኩት እንደዛ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ እሱ ሲያደርገው እኔ ሸራው ጥሩ ነው የታሰረው ብዬ ነበር የማስበው።

ሁለት አይነት ሰው ሁሌ ይረሳል። አንዱ በመሃል የሄደው ነው። ሶሌታው፣ ማለትም የአርማታው ወለል፣ ከተሞላ በኋላ ፌሮ የሚያስረው ፌራዮ አያስፈልግምና አምስቱ ሌላ ሳይት ሄደዋል፣ በግ ሲበላ የሉም፣ ግን ህንጻው የቆመው በነሱ ፌሮ ነው። ሌላው ደሞ እምቢ ያለው ሰው ነው፣ እሱን ለብቻው ላውራው።

እምቢ ያለውን ሰው ማመስገን ማለት ምን ማለት ነው?

የላይኛው ሶሌታ የተሞላው ሐምሌ 26 ነው። ድጋፍ እንጨቱ ከስር ስላለ እዛ ክፍል ውስጥ ብሎኬትም ልስንም መስራት አይቻልም። ነሐሴ 4፣ ማለትም በስምንተኛው ቀን፣ እኔ ቀን መቁጠሪያውን አይቼ ደነገጥኩና "ድጋፉ ይነሳ" አልኩ። አርማታ በ28 ቀን ነው ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው፣ በሳምንት ሁለት ሶስተኛ አካባቢ ቢደርስ ነው፣ የክረምት ብርድ ላይ ደሞ ይዘገያል። ይሄን እኔ ተምሬዋለሁ። ፎርማኑ አልተማሩትም፣ ግን 30 አመት ሰርተዋል፣ እና "እኔ እዚህ እያለሁ አይነሳም" አሉኝ። ልጆቹ እየሰሙ ነው። ተቆጣሁ፣ ትንሽ የማይሆን ነገርም ተናገርኩ። እሳቸው ዝም ብለው ልስን ሰራተኞቹን ወደ ታችኛው ፎቅ አወረዷቸውና ስራው በዛ ቀጠለ። ድጋፉ የተነሳው በ21ኛው ቀን ነሐሴ 17 ነው። የቀረን 17 ቀን ብቻ ነበር፣ የሌሊት ስራው ሁሉ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አሁን አስበው፣ በጫና የተጨረሰ ፕሮጀክት ላይ ሁሌ የሚመሰገነው የፈጠነው ነው። ያ ሰውዬ ግን ያዘገየኝ ሰው ነው፣ እና ከሁሉም በላይ የሰራው እሱ ነው። ይሄን ሰው ሁሉም ፊት ካላመሰገንከው ሌላው ልጅ የሚማረው ነገር ግልጽ ነው፣ ኢንጂነሩ ካዘዘ ማንሳት ነው። ስለዚህ የተጣላኸው ሰው ካለ "ላለፈው ይቅር እንባባል" ብለህ አድበስብሰህ አትለፈው፣ ምን እንዳልክና እሱ ምን እንዳለ ተናገር፣ ልክ የነበረው እሱ ከሆነ ልክ ነበር በል።

ኦቨርታይም ገና ካልተከፈለ ምን ልበል?

ቢቻል ንግግሩን አስተላልፈው። ያልተከፈለው ሰው ፊት ቆሞ ማመስገን ይከብዳል፣ ሰውም "ምስጋና ዳቦ አይገዛም" ይልሃል፣ ልክ ነው። ማስተላለፍ ካልቻልክ ቀንና ሰአት ቆርጠህ ተናገር፣ ግን ገንዘቡ እጅህ መግባቱን ሳታረጋግጥ አትናገር።

ሂሳቡን ራሱ ብዙ ሳይት ላይ በግምት ነው የሚሰሩት፣ ስለዚህ ልንገርህ። በአዋጅ 1156/2011 መሰረት ከንጋቱ 12 ሰአት እስከ ምሽቱ 4 ሰአት ያለው ትርፍ ሰአት በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በበአል በ2.5። ለምሳሌ በቀን 400 ብር የሚያገኝ ሰው 8 ሰአት ስለሚሰራ ሰአቱ 50 ብር ነው። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰአት ካመሸ፣ ሶስቱ ሰአት በ75 ብር 225፣ አንዷ ሰአት 87.50፣ ድምሩ 312.50 ነው። ብዙ ቦታ "የማታ መቶ ብር" ተብሎ ነው የሚሰጠው።

አዋጁ ደሞ ትርፍ ሰአት በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰአት እንዳይበልጥ ይላል። እኛ አልፈነዋል፣ መኩሪያ አይደለም፣ ለዛ ነው ንግግሩ ውስጥ የሌሊቱን ስራ እንደ ጀብድ ያላወራሁት።

ሳይት ላይ የተጎዳ ሰው ካለስ?

ቀድመህ እሱን ጠይቀው። "ላንሳህ ወይስ ይቅር?" በለው። የኛ አንድ ልጅ ሚስማር ረግጦ ሳምንት ተኝቷል፣ ስጠይቀው "አታንሳኝ ባክህ፣ እናቴ ከሰማች ስራ ታስቆመኛለች" አለኝ። አላነሳሁም።

በምን ቋንቋ?

በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ በሚያወራው አማርኛ፣ እንደ ዜና አንባቢ አትሁን። ሳይቱ ላይ ኦሮምኛ ተናጋሪ አለ፣ ከወላይታ የመጡ ልጆችም ነበሩ። ሙሉውን ልተርጉም ካልክ ሶስቱ ደቂቃ ዘጠኝ ሆነ። ምስጋናዋን ብቻ በቋንቋቸው በል፣ ግን አጠራሩን ቀድመህ ከራሳቸው ተማር። እኔ የወላይትኛውን ሳልለማመድ ብዬው ሳቁብኝ፣ በእርግጥ ሳቁም አልከፋም።

"ጨረስን" ማለት እችላለሁ?

አይ። ያደረግነው ጊዜያዊ ርክክብ ነው። አማካሪው ዞሮ 31 ጉድለት መዝግቧል፣ ላይኛው ፎቅ ልስኑ በደንብ ሳይደርቅ ቀለም የተቀባበት ቦታ አለ፣ ሊላጥ ይችላል፣ የኛ ውል ላይ ደሞ የጉድለት ማስተካከያው ጊዜ አንድ አመት ነው። "አለቀ" ብለህ አስጨብጭበህ ከሁለት ሳምንት በኋላ "ኑ ቀለም ፋቁ" ብትላቸው ያን ጭብጨባ ተሰርቀናል ይላሉ። ምን እንደቀረና መቼ እንደምትመለሱ ተናገር፣ ሁለት አረፍተ ነገር ይበቃል።

እስቲ ሙሉውን ንግግር አሳየኝ

ይሄው። ሰዎቹን ሳላስፈቅድ ስም አልጽፍምና ስም ያለበት ቦታ ላይ እገሌ ብያለሁ፣ የወላይትኛዋን ምስጋና ደሞ እዚህ አልጻፍኳትም።

"እንደምን ዋላችሁ። እንግዶቻችን፣ ይሄን ሁሉ ጭቃ ችላችሁ ስለመጣችሁልን እናመሰግናለን። ቀሪው ንግግሬ ግን ቱታ ለለበሱት ነው።

ክረምቱ ከባድ ነበር፣ ግን ሁሉን ነገር በዝናብ አላሳብብም። ሐምሌ ላይ 11 ቀን ስራ የቆመው ሲሚንቶ ስላልነበረ ነው፣ ሲሚንቶ ያልነበረው ደሞ እኔ ጥያቄውን ዘግይቼ ስላስገባሁ ነው። እነዛን 11 ቀናት እናንተ ናችሁ በእንቅልፋችሁ የከፈላችሁልኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ።

ነሐሴ 4 ቀን የላይኛው ሶሌታ ድጋፍ ይነሳ አልኩ። ጋሽ እገሌ አይነሳም አሉ። ተቆጣኋቸው፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ልክ እሳቸው ነበሩ። መስከረም ላይ እዛ ክፍል ውስጥ ልጆች ይቀመጣሉ፣ እኔም ቤቴ ተኝቼ አድራለሁ፣ በሳቸው ነው።

ጄኔሬተሩ ሌሊት 8 ሰአት ላይ ሲጠፋ እገሌ በስልክ መብራት አስነስቶታል። እገሊት ስቶር ውስጥ ያለውን ሲሚንቶ በሙሉ ከወለል አንስታ እንጨት ላይ ስለደረደረችው አንድ ከረጢት አልጠጠረብንም። ሸራውን ሌሊት ሌሊት እየተነሱ ያሰሩት አባባ እገሌ ናቸው፣ እኔ ያወቅኩት ትናንት ነው። እትዬ እገሊት መንገዱ ተቆርጦ ታክሲ በሌለበት ቀን ሻዩን በእግራቸው ተሸክመው መጥተዋል። ዛሬ እዚህ የሌሉ አምስት ፌራዮዎች አሉ፣ ስጋቸው ተቀምጦላቸዋል፣ ስልካቸው ያላችሁ ደውሉላቸው። ስማችሁን ያልጠራሁት፣ ባሬላ ያልያዘ አንድም ሰው እዚህ እንደሌለ አውቃለሁ።

ስራው ገና ነው፣ 31 ነገር ቀርቶናል። ከመስቀል በኋላ እንመለሳለን፣ በቀን ብቻ። የኦቨርታይም ሂሳብ ነገ ጠዋት 4 ሰአት ስቶር በር ላይ ይከፈላል፣ ገንዘቡ ገብቷል። ከዛ እስከ መስቀል ማንንም ሳይት ላይ ማየት አልፈልግም። ገለቶማ። አመሰግናለሁ። ጋሽ እገሌ ይመርቁን።"

ያው እንደምታየው ስሜት የሚባል ነገር ብዙ የለበትም፣ ግን "እኔ ያወቅኩት ትናንት ነው" ስል ድምፄ ትንሽ ተያዘ። ቢያዝም ምንም አይደለም፣ ቆም ብለህ ቀጥል።

ወረቀት ይዤ ላንብብ?

ስሞቹንና ቁጥሮቹን መዳፍህ የምታክል ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ሌላውን በቃልህ። ስልክ አትያዝ፣ ስልክ እያየ የሚያወራ ሰው ቴክስት የሚያነብ ነው የሚመስለው።

ማይክ ያስፈልጋል?

ለ34 ሰው? ጄኔሬተሩን አጥፋው፣ ይበቃል።

ምርቃቱን ማን ያድርግ?

በእድሜ ትልቁ የሳይቱ ሰው፣ እንግዳ አይሁን። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ ስላለ ሁለቱም አሜን የሚሉት ምርቃት የሚያውቅ ሽማግሌ ምረጥ። እንደዚህ አይነት ሽማግሌ የሌለበት ሳይት አይቼ አላውቅም።

ከንግግሩ በኋላ ሰው ምን አለ?

ብዙም ምንም አላለም፣ አጨበጨቡና ወደ ስጋው ሄዱ። ጋሼ መርቀው ሲጨርሱ ግን ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ኪሳቸው ውስጥ ያቺ ጠርዟ የተበላች ደብተራቸው አለች፣ ገለጥ ገለጥ አደረጉና በጣታቸው እያሳዩኝ "ጥሩ ተናገርክ ልጄ፣ ሲሚንቶው ግን 11 አይደለም፣ 13 ቀን ነው የቆመው" አሉኝ።